የጠፋው 34 ሊትር ናፍጣ፦ የጄኔሬተርን ፍጆታ ከጭነቱ ማስላት

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ 28 ክፍል ሆቴል አለኝ። መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበት ጄኔሬተር 100 ኬቪኤ ነው፤ ወረቀቱ በሙሉ ጭነት በሰዓት 23 ሊትር ይላል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጭነቱ 15 ከመቶ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 5 ከመቶ ነው። በዚህ ስሌት በአንድ ሌሊት ከ28 ሊትር በላይ መብላት የለበትም። ኦፕሬተሩ ግን 62 ሊትር እያለ ይመዘግባል። ልከሰው ነው። ትክክለኛው ፍጆታ ስንት ነው? አንድ ኪሎዋት ሰዓትስ ስንት ብር ያስወጣኛል?»

ምላሽ፦ ሰውየውን አይክሰሱ። ጄኔሬተርዎ በዚያ ሌሊት መብላት የሚገባው 60 ሊትር ያህል ነው። የመዘገበው 62 ከሆነ ልዩነቱ ነዳጁ ሲቀዳና ሲለካ ከሚፈጠረው ስህተት አይበልጥም። ጠፋ ያሉት 34 ሊትር የተፈጠረው በስሌትዎ ውስጥ ነው።

ስህተቱ ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ ነዳጁም በግማሽ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ነው። የእርስዎ ሞተር 50 ኸርዝ ለመስጠት በደቂቃ 1500 ጊዜ መዞር አለበት፤ አንድ አምፖል ቢበራም ሆቴሉ በሙሉ ቢሠራም ፍጥነቱ ያው ነው። ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ አየር ይገፋል፣ የውኃውና የዘይቱ ፖምፓ ይሠራሉ፣ ጄኔሬተሩም ራሱን ለማነቃቃት ጉልበት ይወስዳል። ይህ ሁሉ አንድ ኪሎዋት እንኳ ሳይሸጥ የሚከፈል ነዳጅ ነው። እንደ ሱቅ ኪራይ ይቁጠሩት፤ ደንበኛ መጣም ቀረም ይከፈላል። በላዩ ላይ የሚመጣው ከሚያመነጩት ኤሌክትሪክ ጋር የሚጨምረው ነዳጅ ነው። ስለዚህ ፍጆታው ሁለት ክፍል አለው፤ ሞተሩ በባዶው ሲዞር የሚበላውና ለእያንዳንዱ ኪሎዋት የሚጨምረው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለማግኘት የሙሉ ጭነቱ ፍጆታ ብቻውን አይበቃም። ከጄኔሬተሩ ጋር የመጣውን ወረቀት ይክፈቱና የግማሽ ጭነቱን መስመር ይፈልጉ። በዚህ መጠን ባሉ ጄኔሬተሮች ላይ 13 ሊትር አካባቢ ይነበባል፤ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ። 100 ኬቪኤ ወደ ኪሎዋት በሚቀይረው ፓወር ፋክተር፣ ማለትም በ0.8፣ ሲባዛ 80 ኪሎዋት ነው፤ ግማሹ 40። ከ40 ወደ 80 ኪሎዋት ሲወጣ ፍጆታው ከ13 ወደ 23 ሊትር ጨመረ፤ ማለትም 40 ኪሎዋት 10 ሊትር ጨመረ፣ አንዱ ኪሎዋት ሩብ ሊትር። 40 ኪሎዋት በሩብ ሊትር ሲባዛ 10 ሊትር ይሆናል፤ ከ13ቱ ሲቀነስ 3 ሊትር ይተርፋል። ይህ 3 ሊትር ሞተሩ በባዶው የሚበላው ነው። ቀመሩ እንግዲህ ይህ ነው፦

```
L/h = 3 + 0.25 × kW
```

ጥሩ ይዞታ ላይ ባለ አዲስ ሞተር የባዶው ፍጆታ የሙሉ ጭነቱን ስምንተኛ ያህል ይሆናል። ባረጀ ወይም ለጭነቱ ከመጠን በላይ በገዘፈ ሞተር እስከ ሩብ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የጎረቤትን ጄኔሬተር ቁጥር አይዋሱ፤ የራስዎን ያውጡ።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንመለስ። 15 ከመቶ ማለት 12 ኪሎዋት ነው፤ በቀመሩ በሰዓት 6 ሊትር ይሆናል። 5 ከመቶ 4 ኪሎዋት ነው፤ በሰዓት 4 ሊትር። ስድስት ሰዓት በ6 ሊትር 36፣ ስድስት ሰዓት በ4 ሊትር 24፣ ድምሩ 60 ሊትር። እርስዎ የጠበቁት 28 ሊትር ግን የመጣው 23ን በ15 ከመቶና በ5 ከመቶ ከማባዛት ነው፤ በዚያ ስሌት ውስጥ የባዶው 3 ሊትር ቦታ አላገኘም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ያ ብቻውን 36 ሊትር ነው። ሌባው እሱ ነው።

ወደ ብሩ እንለፍ። ለስሌቱ እንዲመች የናፍጣን ዋጋ በሊትር 120 ብር ልያዝ፤ እርስዎ በቀዱበት ዕለት ዋጋ ይተኩት። ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት 6 ሊትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ አንዱ ግማሽ ሊትር፣ ማለትም 60 ብር ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ 4 ሊትር 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ አንዱ አንድ ሊትር፣ 120 ብር። ይኸው ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ ቢሆን አንዱን ከ35 ብር ባነሰ ያመርተው ነበር። የሌሊቱ አማካይ 60 ሊትር ለ96 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ 75 ብር ነው። ነገር ግን ይህ አማካይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያሉትን ስድስት ሰዓታት ይሸፍንብዎታል፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

ነዳጅ ብቻውንም ዋጋ አይሆንም። ዘይትና ማጣሪያ የሚቀየሩት በኪሎዋት ሳይሆን በሰዓት ነው፤ በዚህ መጠን ባሉ ሞተሮች የተለመደው 250 ሰዓት ነው። አንድ ቅየራ ከነማጣሪያዎቹና ከመካኒኩ ጋር 20,000 ብር ያስወጣል ብንል በሰዓት 80 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ክፍለ ሌሊት ይህ በ12 ተከፍሎ ወደ 7 ብር ነው፤ በሁለተኛው በ4 ተከፍሎ 20 ብር። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት እንግዲህ 67 ብርና 140 ብር ሆነ። የሞተሩ ዕድሜም እንዲሁ በሰዓት ነው የሚያልቀው፤ ባልደምረውም በዚያው ሰዓት ላይ እየተቀነሰ መሆኑን አይርሱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ሌላ ስህተት ይንሸራተታል። ጭነት ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ከወረደ ጭነት ልጨምር ይላል። አያድርጉት። አማካዩ የሚወርደው የባዶው 3 ሊትር ለብዙ ስለሚካፈል ብቻ ነው፤ በላዩ የሚጨምሩት እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ግን ሩብ ሊትር፣ ማለትም 30 ብር ይወስዳል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ቢያበሩ ወጪዎ በ105 ብር ያድጋል፤ አማካዩ ቢቀንስም ከኪስዎ የወጣው ጨምሯል። ነገም ቢሆን መጋገር ካለበትና ነገ መብራት የሚመጣ ከሆነ ዛሬ በጄኔሬተር መጋገር ኪሳራ ነው። ሥራው የግድ በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነ ብቻ ሞተሩ ለሌላ ጉዳይ እየሠራ ባለበት ሰዓት ማምጣት ይጠቅማል፤ ለብቻው ከማስነሣት ይሻላልና። በተቃራኒውም አንድ ኪሎዋት ቢያጠፉ የሚያተርፉት 30 ብር እንጂ 60 አይደለም። ሠራተኛን መብራት አጥፋ እያሉ ማሳደድ ብዙ አያተርፍም፤ ሞተሩን ማጥፋት ግን ያተርፋል።

ይህን ሁሉ ከማመንዎ በፊት የራስዎን ጄኔሬተር ይለኩ። መጀመሪያ ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ያነበቡት መቶኛ የምን መቶኛ እንደሆነ ያረጋግጡ። አንዳንዱ ሰሌዳ የኪሎዋትን፣ አንዳንዱ የኬቪኤን፣ አንዳንዱም ከሦስቱ መስመሮች የከበደውን የአንዱን አምፔር መቶኛ ያሳያል። በሆቴል ውስጥ ደግሞ ክፍሎቹ በሦስቱ መስመሮች ላይ እኩል ስለማይደለደሉ አንዱ መስመር 30 ከመቶ ሲያሳይ አጠቃላዩ 15 ሊሆን ይችላል። አስተማማኙ ቁጥር በኪሎዋት የሚነበበው ነው። ሰሌዳው ኪሎዋት ካላሳየ የኤሌክትሪክ ባለሙያው በክላምፕ ሜትር ሦስቱን መስመሮች ይለካ። ቮልቴጁ 380 ከሆነ የሦስቱ አማካይ አምፔር በ0.658፣ ከዚያም በፓወር ፋክተሩ ሲባዛ ኪሎዋቱን ይሰጣል። ለምሳሌ 21 አምፔርና 0.87 ቢያገኝ 12 ኪሎዋት ይሆናል።

ነዳጁን ለመለካት የቋቱን መስታወት ወይም የሰሌዳውን መቶኛ አይመኑ። የቋቱ ቅርጽ ወጣ ገባ ከሆነ ከላይ ያለው አንድ ጣት ከታች ካለው አንድ ጣት ጋር እኩል ሊትር አይይዝም። ቋቱን አንገቱ ላይ እስካለ አንድ ምልክት ይሙሉት፣ ጭነቱ እምብዛም በማይለዋወጥበት ጊዜ ሦስት ሰዓት ያሠሩት፣ ከዚያ ሊትር በተጻፈበት ጀሪካን እስከዚያው ምልክት መልሰው ይሙሉና የጨመሩትን በሦስት ያካፍሉ። ሌላ ቀን ዋናውን ማብሪያ ዘግተው ያለምንም ጭነት ለግማሽ ሰዓት ያሠሩትና እንዲሁ ይለኩ፤ ከዚያ በላይ ግን በባዶው አያቆዩት። የግማሽ ሰዓቱ ሊትር በሁለት ሲባዛ የባዶው ፍጆታ ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው ልኬት የሰዓት ፍጆታ ቀንሰው በዚያን ጊዜ በነበረው ኪሎዋት ሲያካፍሉ ለአንድ ኪሎዋት የሚጨምረውን ያገኛሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፤ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ ብቻ የፍሰት ቆጣሪ ለማስገጠም የሚመክርዎት ሰው ካለ አይስሙት። የናፍጣ ሞተር ከወሰደው ነዳጅ ከፊሉን በመመለሻ ቱቦ ወደ ቋቱ ይልካል፤ የመሄጃው ቆጣሪ ብቻ የሚያሳየው ከተቃጠለው በላይ ነው። ንጹሕ ሰው የሚወነጀለው እንዲህ ባለ መሣሪያ ነው።

ከዚህ በኋላ ስርቆት መኖር አለመኖሩን በሐሜት ሳይሆን በመዝገብ ያውቃሉ። የሰዓት ቆጣሪውንና የኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪውን በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ያንብቡ። በወሩ ውስጥ አሥር እንዲህ ያሉ ሌሊቶች ቢኖሩ 120 ሰዓትና 960 ኪሎዋት ሰዓት ይመዘገባል። 120 በ3 ሲባዛ 360፣ 960 በሩብ ሲባዛ 240፣ ድምሩ 600 ሊትር ነው። የተቀዳው ከዚህ ከ10 ከመቶ በላይ ከበለጠ ምርመራ ይገባል፤ ያን ጊዜም ከሰው በፊት ሞተሩን ይመርምሩ። የተደፈነ የአየር ማጣሪያና የደከመ ኢንጀክተር ጥቁር ጭስ ያስወጣሉ፣ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ወለሉን ያረጥባል። ሞተሩ ደኅና ሆኖ ልዩነቱ በአንድ ኦፕሬተር ተራ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ያን ጊዜ መጠየቅ ይችላሉ።

የደብረ ብርሃን ከፍታ ስሌቱን እንደሚቀይረው መናገር አለብኝ። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ቱርቦ ያለው የሚያጣው ያነሰ ነው። ሰሌዳው ግን መቶኛውን የሚያሰላው ወረቀቱ ላይ ካለው 80 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ 75 ከመቶ ሲያሳይ ሞተሩ የአቅሙ ጫፍ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ጭስ ካስወጣና ኸርዙ መውረድ ከጀመረ ደርሷል ማለት ነው። በእርስዎ ዝቅተኛ ጭነት ግን ይህ ፍጆታውን ብዙ አይለውጠውም። የወረቀቱ ቁጥሮች ዝቅ ባለ ከፍታ የተለኩ መሆናቸውን ግን ያስታውሱ፤ የራስዎ ልኬት ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ቢል አይደንግጡ።

ከብሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሞተሩ ራሱ ነው። የናፍጣ ሞተር ከ30 ከመቶ በታች በሆነ ጭነት ለረጅም ሰዓት ሲሠራ በቂ አይሞቅም። ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ከጥቀርሻ ጋር ተቀላቅሎ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የእናንተ ከተማ የሌሊት ብርድ ደግሞ ያባብሰዋል። የማርሚታውን መገጣጠሚያ በፋኖስ ይመልከቱ፤ ጥቁር ቅባት መሰል ፈሳሽ ካንጠባጠበ፣ ነጭ ጭስ ካልጠፋ ወይም የሞተሩ ዘይት ካለልማዱ ከጎደለ ጉዳቱ ጀምሯል። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒቱ ጭነት ነው። በወር አንድ ጊዜ ቀን ላይ ጄኔሬተሩን አስነሥተው የክፍሎቹን የውኃ ማሞቂያዎች አራት አራት እያደረጉ ያብሯቸው። 28ቱም እያንዳንዳቸው 1.5 ኪሎዋት ከሆኑ 42 ኪሎዋት ይሆናሉ፤ ከግማሽ በላይ ጭነት ነው። ውኃው ሞቆ ራሳቸውን ስለሚያጠፉ ቧንቧ ከፍቶ ማፍሰስ ያስፈልግ ይሆናል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ መጀመሪያ ላይ ጭሱ ከብዶ ቀስ በቀስ ይጠራል። ጭነት መጨመር በራሱ የሚያስፈልግበት ብቸኛው ጊዜ ይህ ነው፤ የሚከፈለውም ለሞተሩ ጤና ነው።

ምክሬ ግልጽ ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ጄኔሬተሩን ያጥፉት። በምትኩ ባትሪና ኢንቨርተር ይግጠሙ። ሁለተኛ ትንሽ ጄኔሬተር መግዛት ብዙ ሰው የሚሰጥዎት ምክር ነው። 30 ኬቪኤ የሆነው የምሽቱን 12 ኪሎዋት በሰዓት 4 ሊትር ገደማ ይሸከመዋል፤ የሚያተርፉት ግን 2 ሊትር ሲሆን ሁለተኛ ዘይት ቅየራ፣ ሁለተኛ ባትሪና ሁለተኛ ራስ ምታት ይጨምርብዎታል። ከእኩለ ሌሊት በኋላም ያው ሌላ ሞተር በዝቅተኛ ጭነት ሲያጓራ ያድራል።

ባትሪው ትልቅ መሆን የለበትም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ካለው 4 ኪሎዋት ውስጥ የግድ የሚያስፈልገው የኮሪደርና የክፍል ኤልኢዲ መብራት፣ የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔቱና ካሜራው ነው፤ ተሰብስቦ 1 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። የውኃ ፖምፑ የጣሪያውን ሮቶ ከ6 ሰዓት በፊት ይሙላ፤ የሥጋ ማቀዝቀዣው በሩ ካልተከፈተ ስድስት ሰዓት ይታገሳል። ለስድስት ሰዓት 6 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልግዎታል። የሊቲየም ባትሪን እስከ 80 ከመቶ ድረስ ቢጠቀሙ 7.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ እኔ 10 ይሁን እላለሁ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቅሙ ይቀንሳልና። የአሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሹ በላይ መጠቀም ስለማይመከር ቢያንስ 12 ይሁን። ለእነዚህ መብራቶችና መሣሪያዎች የተለየ መስመር ይዘርጋላቸው፤ አንድ እንግዳ የውኃ ማሞቂያ ቢከፍት ኢንቨርተሩ እንዳይወድቅ።

መብራት ሲኖር ባትሪው ከመስመሩ ይሞላል። መብራቱ ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ ምሽት ላይ ጄኔሬተሩ ለሌላ ጉዳይ እየሠራ ሳለ ይሙላ። ለ6 ኪሎዋት ሰዓት 7 ያህል ይወስዳል፤ የሚጨምረው ናፍጣ 1.75 ሊትር፣ 210 ብር ነው። በ120 ብር ይመጣ የነበረውን ኪሎዋት ሰዓት በ35 ብር አገኙት ማለት ነው። የሌሊቱ ናፍጣ ከ60 ሊትር ወደ 38 ይወርዳል፤ 22 ሊትር፣ ማለትም 2,640 ብር፣ ከዘይቱ ድርሻ ጋር 3,120 ብር በአንድ ሌሊት ይተርፋል።

ይህ የሚያዋጣው ግን እንደ ሌሊቶቹ ብዛት ነው። በወር አሥር ሌሊት ከሆነ ትርፉ 31,200 ብር ነው፤ ባትሪውን የሚያቀርብልዎትን ሰው ዋጋ ለዚህ ቁጥር ያካፍሉት። ከ36 ወር በታች ከወጣ ሳያመነቱ ይግዙ። በወር ሁለት ሌሊት ብቻ ከሆነ ትርፉ ወደ 6,240 ብር ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ባትሪውን ይተዉትና በምትኩ ኮሪደሩ ላይ ራሳቸው የሚሞሉ የድንገተኛ መብራቶችን ይስቀሉ፣ ጄኔሬተሩ ግን በ6 ሰዓት ይጥፋ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በኦፕሬተሩ መዝገብ ላይ ከሊትሩ ጎን ሁለት ዓምድ ያስጨምሩ፤ የሰዓት ቆጣሪውን ንባብና የኪሎዋት ሰዓቱን። እስካሁን ትክክለኛውን ቁጥር እየጻፈ ተጠርጥሯል፤ ቀጣዩ ሰው ሲጠይቀው የሚያሳየው ነገር ይኑረው።